ከተወደደ ምንባብ የሚወጣ ክፍት ቦታ፦ የክሎዝ መልመጃን በአማርኛ ለራስ ማዘጋጀት

ክሎዝ በመባል የሚታወቀው የክፍት ቦታ መልመጃ መጀመሪያ የታሰበው ለቋንቋ ትምህርት አልነበረም። አሜሪካዊው ዊልሰን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1953 ዘዴውን ያቀረበው አንድ ጽሑፍ ለአንባቢ ምን ያህል ቀላል ወይም ከባድ እንደሆነ ለመለካት ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ከምንባቡ በእኩል ርቀት ላይ የሚገኙ ቃላት፣ ለምሳሌ በየአምስት ቃሉ አንድ፣ ይወጣሉ፤ አንባቢውም የጎደለውን ይሞላል። ብዙ ቃላት በትክክል የተሞሉለት ጽሑፍ ቀላል፣ ጥቂት የተሞሉለት ደግሞ ከባድ ይባላል። ስያሜው የመጣው ከሥነ ልቦና ነው፤ የሰው አእምሮ አንድ ጫፉ የተቆረጠ ክብ ሲያይ ክቡን ሞልቶ እንደሚያየው ሁሉ፣ የጎደለውን ዐረፍተ ነገርም ይሞላዋል ከሚል እሳቤ የተወሰደ ነው። ዘዴው ወደ ቋንቋ ፈተናና ትምህርት የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

የቴይለር አሠራር አንድ ግልጽ ጥቅም አለው። የሚወጣውን ቃል የሚወስነው ቁጥር ስለሆነ የአዘጋጁ ፍላጎት ጣልቃ አይገባም። አንድ የቋንቋ ተማሪ ከሚወደው መጽሐፍ ለራሱ መልመጃ ሲያዘጋጅ ግን ይህ ጥቅም ይቀንሳል። አዘጋጁም ሠሪውም አንድ ሰው ስለሆነ መልሱን ያስታውሳል። ምንባቡ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ «ቃል» የሚባለው መቁጠሪያ ራሱ አይጨበጥም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ችግሮች በአንድ አጭር ምንባብ ላይ እየሠራ ያሳያል። ምንባቡ ለዚሁ ዓላማ የተዘጋጀ ሲሆን፣ አንድ ተማሪ ከልብ ወለድ መጽሐፍ ሊያወጣው የሚችለውን ዓይነት ነው።

ወይዘሮ አልማዝ ደብዳቤውን ተቀብላ መሶቡ ላይ አስቀመጠችው። ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም ከማን እንደመጣ አውቃለች። ልጇ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ድረስ አልነካችውም። ማታ ልጁ ሲያነብላት ዝም ብላ አዳመጠች። የመጨረሻውን መስመር ሲጨርስ ግን ደብዳቤውን ከእጁ ወስዳ እንደገና እንዲያነብላት ለመነችው።

ምንባቡ በክፍተት የተለያዩ 35 ቃላት አሉት። በየአምስት ቃሉ አንድ ቢወጣ የሚጎድሉት ሰባት ይሆናሉ፦ «መሶቡ»፣ «ቢሆንም»፣ «ከትምህርት»፣ «ማታ»፣ «አዳመጠች»፣ «ደብዳቤውን»፣ «ለመነችው»። ከእነዚህ ውስጥ «መሶቡ» ሊታወቅ የሚችል አይደለም። ሣጥኑም፣ አልጋውም፣ ጠረጴዛውም ቦታውን ይሞላሉ፤ በምንባቡ ውስጥ አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ምንም ነገር የለም። «ከትምህርት» በተቃራኒው ከእሱ ቀጥሎ «ቤት» የሚለው ቃል ስለሚታይ ምንባቡን ሳያነብም የሚሞላ ነው። በእርግጥ ማንበብን የሚጠይቀው «ቢሆንም» ነው፤ ለመሙላት ሴትዮዋ ማንበብ አለመቻሏንና ላኪውን ማወቋን አንድ ላይ ይዞ በመካከላቸው ያለውን ተቃርኖ ማየት ያስፈልጋልና።

ቆጠራው ከአምስተኛው ቃል ሳይሆን ከሦስተኛው ቢጀምር ፈጽሞ ሌላ መልመጃ ይወጣል፦ «ደብዳቤውን»፣ «ማንበብ»፣ «አውቃለች»፣ «ድረስ»፣ «ዝም»፣ «ሲጨርስ»፣ «እንደገና»። እዚህ «ድረስ» ከ«እስኪመለስ» ጋር በልማድ የተሳሰረ ስለሆነ አፍ ላይ ይመጣል። በ«ዝም» ቦታ «ጸጥ» ወይም «ቁጭ» ቢገባ ዐረፍተ ነገሩ አይፈርስም። «ደብዳቤውን» ደግሞ አስደሳች ክፍተት ነው፤ ሴትዮዋ የተቀበለችው ምን እንደሆነ የሚታወቀው እስከ መጨረሻው ዐረፍተ ነገር ድረስ ሲነበብ ብቻ ነው። ነገር ግን ይኸው ቆጠራ ከአጠገቡ «ማንበብ»ን ስለሚያወጣ ቅርቡን ፍንጭ አብሮ ይወስደዋል። ቻርልስ አልደርሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ጥናት፣ በእንግሊዝኛ ክሎዝ የሚወጡት ቃላት የሚራራቁበት ቁጥር ሲለወጥ ፈተናው የሚለካው ነገር አብሮ ሊለወጥ እንደሚችል አሳይቷል። በአማርኛ ይህ ይበልጥ ይሰማል፤ ቆጠራው በደራሲው የአጻጻፍ ልማድ ላይ ጭምር ይመሠረታልና። አንዱ ደራሲ «እንደመጣ» ብሎ የሚያጣብቀውን ሌላው «እንደ መጣ» ብሎ ሲለያይ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ክፍተቶች ሁሉ አንድ አንድ ቃል ይሸጋሸጋሉ።

ዋናው ነገር ግን የቁጥሩ መዛባት አይደለም። የአማርኛ ግሥ በአንድ ቃል ውስጥ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሊይዝ ይችላል። «አልነካችውም» አሉታን በፊትና በኋላ፣ ባለቤትን «ች» ላይ፣ ተሳቢን «ው» ላይ ይዟል። ይህን ቃል በሙሉ ማውጣት በእንግሊዝኛ አራት ቃላትን ተከታትሎ እንደማውጣት ነው። ተማሪው ተሳስቶ ሲገኝ ስህተቱ ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም፤ ግሡን አላወቀውም? ወይስ ባለቤቱን አሳተ? ወይስ አሉታውን ዘነጋ? ስለዚህ ለራሱ መልመጃ የሚያዘጋጅ ሰው ከቃሉ ውስጥ የትኛውን ክፍል እንደሚያወጣ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። ባዕድ መነሻውን፣ ባዕድ መድረሻውን ወይስ ግሡን?

የቃልን ክፍል የማውጣት አሳብ አዲስ አይደለም። ራትዝና ክላይን-ብራሊ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያቀረቡት ሲ-ቴስት ከሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ የየሁለተኛውን ቃል ሁለተኛ አጋማሽ ያወጣል። ይህ ሕግ በቀጥታ ወደ አማርኛ ቢወሰድ ግን የሚጎዳ ውጤት አለው። ሁልጊዜ የሚቆረጠው የቃሉ ጅራት ስለሆነ ተማሪው ባዕድ መድረሻዎችን ብቻ ይለማመዳል፤ ባዕድ መነሻዎቹ ተጽፈው ይቀርቡለታል። በአማርኛ አንዱ ሐረግ ከሌላው ጋር ያለው ግንኙነት፣ ማለትም ጊዜው፣ ምክንያቱ፣ ዓላማውና ሁኔታው፣ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ደግሞ በቃሉ ግንባር ላይ ነው። ሲ-ቴስት ከሁሉ አስቸጋሪ የሆነውን ነገር በነፃ ይሰጣል ማለት ይቻላል።

በምንባቡ ውስጥ ይህን የሚያሳይ ጥንድ አለ። «ሲያነብላት» እና «እንዲያነብላት» ግንዳቸውም ጅራታቸውም አንድ ነው። የሚለያዩት በግንባራቸው ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ጊዜን፣ ሁለተኛው የተፈለገውን ነገር ያመለክታል። የትኛው የት እንደሚገባ የሚወስነው ከክፍተቱ በኋላ የሚመጣው ማሰሪያ አንቀጽ ነው፤ ከ«አዳመጠች» በፊት «ሲ»፣ ከ«ለመነችው» በፊት «እንዲ» ይገባል። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ማስረጃው በአብዛኛው ከክፍተቱ ኋላ ነው። ከዚህ አንድ ጠቃሚ የአሠራር ሕግ ይወጣል፤ ባዕድ መነሻ በወጣበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ማሰሪያ አንቀጹ መነካት የለበትም። በየአምስቱ ቆጠራ «ለመነችው» የወጣው ይህን ማስረጃ አጥፍቶ ነው። ተማሪው መልመጃውን ሲሠራ ዐይኑ ክፍተቱ ላይ ቆሞ ከቀረና ወደ ማሰሪያው አልፎ ሄዶ ካልተመለሰ፣ በአማርኛ ሥርዓት ማንበብ ገና አልለመደም ማለት ነው።

የፊደሉ ጠባይም የራሱን ጥያቄ ያስነሣል። በላቲን ፊደል ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ስለሚጻፉ ቃልን የትም ላይ መቁረጥ ይቻላል። በግእዝ ፊደል ሁለቱ አንድ ላይ ስለሆኑ ከመቁረጫው በፊት የቀረው የመጨረሻ ፊደል መልሱን ያሾልካል። «አስቀመጠ___» ተብሎ ቢቀርብ «ጠ» ግእዝ መሆኑ ብቻ «አስቀመጥኩት»ን እና «አስቀመጡት»ን ያስወግዳል፤ በመጀመሪያው ፊደሉ ሳድስ፣ በሁለተኛው ካዕብ ነውና። እንዲሁም «እንዲያነብ___» ሲባል ሳድሱ «ብ» «እንዲያነበው» የሚለውን መልስ አስቀድሞ ይዘጋዋል። ተማሪው ይህን በማወቅም ባለማወቅም ይጠቀምበታል፤ የመረጠውም ሰዋስውን አውቆ ሳይሆን የፊደሉን ቅርጽ ተከትሎ ይሆናል።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው መቁረጫውን አንድ ፊደል ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ «አስቀመ___» ሲባል ተማሪው «ጠችው»ን ራሱ ይጽፋል። ሁለተኛው ቃሉን በሙሉ አውጥቶ የመዝገበ ቃላቱን ቅርጽ፣ ማለትም የሦስተኛ መደብ ተባዕታይ ነጠላ ኃላፊውን፣ በቅንፍ መስጠት ነው። በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት የሚታየው ሁለተኛው ነው፤ ለራስ መልመጃም እሱ ይመረጣል። ምክንያቱም ግሡ የትኛው እንደሆነ ስለተነገረ፣ የሚፈተነው ቅርጹ ብቻ መሆኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ስህተት ሲገኝም ምንጩ አይሰወርም።

ምንባቡ በእነዚህ አሳቦች ተመርቶ ሲዘጋጅ የሚከተለውን ይመስላል።

ወይዘሮ አልማዝ ደብዳቤውን ተቀብላ (1)_____ ላይ (2)_____ (አስቀመጠ)። ማንበብ አትችልም፤ (3)_____ ከማን እንደመጣ አውቃለች። ልጇ ከትምህርት ቤት (4)_____ (ተመለሰ) ድረስ አልነካችውም። ማታ ልጁ (5)_____ያነብላት ዝም ብላ አዳመጠች። የመጨረሻውን መስመር ሲጨርስ ግን ደብዳቤውን ከእጁ ወስዳ እንደገና (6)_____ያነብላት ለመነችው።

ክፍተቶቹ ሆን ተብለው የተቀራረቡት ለማሳያነት ነው። በአንድ ሙሉ ገጽ ላይ በየአሥር ወይም በየአሥራ ሁለት ቃሉ አንድ ክፍተት ይበቃል፤ ከዚያ ከጠበቀ ማስረጃዎቹ እርስ በርስ መጠፋፋት ይጀምራሉ። ለእያንዳንዱ ክፍተት አዘጋጁ «ማስረጃው የት ነው?» ብሎ መልሱን በዳር ይጽፋል። የሁለተኛው ማስረጃ «ተቀብላ» እና «ደብዳቤውን» ናቸው፤ አንዱ ባለቤቷን፣ ሌላው ተሳቢውን ይናገራል። አራተኛው ለመሞላት ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ «ድረስ» መነሻው «እስኪ» መሆኑን ያሳያል፤ ጾታው ግን በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የለም። «ልጇ» ወንድም ሴትም ሊሆን ስለሚችል «እስኪመለስ» እና «እስክትመለስ» እኩል ይቆያሉ፤ የሚለየው በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ያለው «ልጁ» ነው። ይህ ከስድስቱ ሁሉ የተሻለው ክፍተት ነው ማለት ይቻላል። ማስረጃ ሊጻፍለት ያልቻለ ክፍተት ግን ይሰረዛል፤ ቃሉ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከዚህ አንጻር የመጀመሪያው ክፍተት እንዴት ቀረ የሚል ጥያቄ ይነሣል። «መሶቡ» ማስረጃ እንደሌለው ቀደም ሲል ታይቷል። እዚህ የተቀመጠው ሌላ ሥራ ለመሥራት ነው፤ የተማሪውን ትዝታ ይመረምራል። የሚወደውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ገጹን ያስታውሳል፤ መልመጃው የሚለካው የማንበብ ችሎታውን ይሁን ትዝታውን በውጤቱ ብቻ መለየት አይቻልም። ከምንባቡ ፈጽሞ ሊገመት በማይችል ክፍተት ላይ የደራሲውን ቃል ሳያመነታ የጻፈ ተማሪ ግን ያን ቃል ያገኘው ከትዝታው ነው። በገጹ ካሉት ሁለት ወይም ሦስት እንዲህ ያሉ ክፍተቶች አብዛኞቹ በደራሲው ቃል ከተሞሉ የዚያ ቀን ውጤት በሙሉ አይቆጠርም፤ ወረቀቱም ለሌላ ጊዜ ይቆያል። «ሣጥኑ» ወይም «ጠረጴዛው» ተብለው ከተሞሉ ግን ተማሪው በእርግጥ እያነበበ ነው።

ትዝታውን ለማዳከም የሚረዳው ጊዜና ብዛት ነው። ክፍተቶቹ ዛሬ ተመርጠው ዛሬውኑ ቢሠሩ ከንቱ ናቸው። ከስምንት ወይም ከአሥር ገጾች ላይ መልመጃ በአንድ ጊዜ አዘጋጅቶ፣ መልሱን በገጽ ቁጥር ብቻ መዝግቦ፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅደም ተከተሉን አዛብቶ ማንሣት ይሻላል። ሁለት ጓደኛሞች መጻሕፍት ተለዋውጠው አንዱ ለሌላው ቢያዘጋጅ ችግሩ ይቀላል። ይሁን እንጂ ምርጫው የሌላ ሰው ስለሚሆን ተማሪው በራሱ ድካም ላይ ማተኮሩ ይቀራል።

የምንባቡ መወደድ ሌላም መዘዝ አለው፤ ይህን ብዙ አዘጋጆች አያስተውሉትም። አንድ ዐረፍተ ነገር አንባቢን የሚያስደስተው በአብዛኛው ያልተጠበቀ ቃል ስለያዘ ነው። አዘጋጁም እጁ የሚሄደው ወደዚያው ቃል ነው፤ ዐይኑን የያዘው እሱ ነውና። ሊገመት የማይችለውም ያው ቃል ነው። ስለዚህ የተወደደው ቃል ሳይነካ ይቆያል፤ ክፍተቱ የሚወጣው ያን ቃል ከተሸከሙት ተራ ቃላት፣ ከማያያዣዎቹና ከግሦቹ ቅጥያዎች ነው። ቅኔ ደግሞ ከነጭራሹ ለዚህ አይሆንም። ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ ሁለት ፍቺዎች አንድ ቃል ላይ እንዲገናኙ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ አንዱን የተከተለ መልስ ሌላውን ያፈርሳል።

ክፍተቶቹ የት ላይ ይብዙ የሚለው በተማሪው ይወሰናል። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የተማረ ሰው የባለቤትና የተሳቢ ቅጥያዎችን ያሳስታል፤ እንደ ሁለተኛው ያሉ ክፍተቶች ይጠቅሙታል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ተወልዶ አማርኛን ከቤተሰቡ በጆሮው የተማረ ወጣት ግን «አስቀመጠችው»ን ሳያስብ ይላል። እሱን የሚያቆመው በጽሑፍ እንጂ በቤት ውስጥ ጭውውት ብዙም የማይሰማው ማያያዣ ነው፤ «ቢሆንም»፣ «ምንም እንኳ»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህም» የመሳሰሉት። ለዚህ ተማሪ መልመጃው ከሞላ ጎደል እንደ ሦስተኛው ባሉ ክፍተቶች ሊሠራ ይገባል።

እርማቱ ከቴይለር ይለያል። ለተነባቢነት መለኪያ የደራሲው ቃል ብቻ እንደ ትክክል ይቆጠራል፤ ቆጣሪውን ከክርክር ስለሚያድነው። ለትምህርት ግን ይህ ጥብቅነት ጎጂ ነው። በሁለተኛው ክፍተት «አስቀመጠች» ተብሎ ያለ «ው» ቢሞላ ዐረፍተ ነገሩ ይቆማል፤ «ደብዳቤውን» ተሳቢውን አስቀድሞ ስለጠቀሰ የግሡ «ው» ግዴታ አይደለም። በአራተኛው «እስከሚመለስ»፣ በሦስተኛው «ሆኖም» ያስኬዳሉ። ስለዚህ ውጤቱ በሦስት ይመደባል፤ የደራሲው ቃል፣ ሌላ ግን የሚያስኬድ፣ የማያስኬድ። መካከለኛው ምድብ ብዙ የሚያስተምር ቢሆንም አደጋ አለው፤ ራሱን የሚያርም ተማሪ የራሱን መልስ ወደዚያ ለማስገባት ይቸኩላል። እንዲህ ያሉት መልሶች ተለይተው ቋንቋው አፍ መፍቻው ለሆነ ሰው መታየት አለባቸው፤ በሳምንት አሥር ቃላት ማሳየት ማንንም አያስቸግርም። በሌላ በኩል «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ቢለዋወጡ እንደ ስህተት አይቆጠርም፤ ደራሲያን ራሳቸው በዚህ አይስማሙም።

ክፍተት ፈጽሞ የማይደርስበት ነገርም አለ። የአማርኛ ፊደል ጥብቀትን አይጽፍም። «ይመታል» ሲላላ መቺውን፣ ሲጠብቅ ተመቺውን ይናገራል፤ በወረቀት ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ተማሪው ክፍተቱን በትክክል ቢሞላም ማን ማንን እንደመታ መረዳቱ አይታወቅም። እንዲህ ያለ ግሥ በገጹ ላይ ሲገኝ ሳይወጣ ይቀርና ከሥሩ ይሰመርበታል፤ መልመጃው ከታረመ በኋላ ዐረፍተ ነገሩ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ንባቡም ለሚያውቅ ሰው ይሰማል ወይም ተቀድቶ ይቀመጣል።